አገጭ ስር ያለችው አንድ ሴንቲ ሜትር

ቀስት መወርወር የጀመረ ሰው ዒላማውን ሲስት ቶሎ የሚጠረጥረው ጉልበቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው አገጩ ስር ነው።

እስቲ እናስላው። ዒላማው 18 ሜትር ይርቃል፤ ወረቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የደጋኑን ገመድ ስባችሁ ስትጨርሱ እጃችሁ አገጫችሁ ስር ያርፋል፤ ማሳረፊያ ነጥብ የምንለው ይህንን ነው። የቀስቱ ጭራ እዚያ ነው፣ ፊቱ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ደጋኑ ላይ ተደግፏል። አሁን እጃችሁ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ቢያርፍስ? ጭራው ሲወርድ ፊቱ ቀና ይላል፤ ያቺ ትንሽ ዝንፈት 18 ሜትር ላይ ስትደርስ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። መሃሉን አነጣጥራችሁ ቀስቱ ከወረቀቱ በላይ ያልፋል ማለት ነው!

ጠንካራ ደጋን ይህን ማዕዘን አያቃናውም። እንዲያውም ከአቅም በላይ ሲሆን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማሳረፊያውም ይዋልላል። ጀማሪ በቀላል ደጋን የሚጀምረው ለዚህ ነው።

አቋቋሙ ቀላል ነው፦ ጎናችሁን ለዒላማው ስጡ፣ እግራችሁን በትከሻ ስፋት ክፈቱ፣ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት።

አለቃቀቁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጣቶቻችሁን ዘና አድርጓቸው እንጂ አትበርግዷቸው፤ ከበረገዳችኋቸው ገመዱ ወደ ጎን ይገፋል። ከለቀቃችሁ በኋላ እጃችሁ አንገታችሁን ታኮ ወደ ኋላ ከሄደ ጥሩ ነው፤ ከፊታችሁ ርቆ ከተገኘ ገመዱን ጎትታችሁታል።

ሦስት ቀስት ወርውሩና እዩ። ከመሃል ርቀው አንድ ላይ ከተሰኩ ማነጣጠሪያውን ብቻ አስተካክሉ። ከተበታተኑ ግን ማነጣጠሪያውን አትንኩት፤ ወደ አገጫችሁ ተመለሱ።