16 ቢት 98 ዴሲቤል የሚሆነው መቼ ነው?

ፊሊፕስ እና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 በሲዲ መስፈርት ሲስማሙ፣ እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና በ16 ቢት እንዲመዘገብ ወሰኑ። «98 ዴሲቤል» የሚለው ቁጥር ከ16 ቢት ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሲጠቀስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታው ይዘለላል።

ከማይክሮፎን የሚወጣው ቮልት ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ወደ ቁጥር የሚቀይረው መሣሪያ፣ ባለሙያዎች «ኤዲሲ» የሚሉት፣ የሚያውቀው ግን የተወሰኑ ደረጃዎችን ብቻ ነው። በ16 ቢት 65,536 ደረጃዎች አሉ። በሁለት ደረጃዎች መካከል ያረፈ ቮልት ወደሚቀርበው ይጠጋጋል፤ ግራም የማያሳይ ሚዛን 2 ኪሎ ከ300 ግራም ሽንኩርት ተጭኖበት «2 ኪሎ» እንደሚለው ማለት ነው። በሲዲ ይህ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይደጋገማል። በየናሙናው ላይ የሚቀረው ትንሽ ስሕተት፣ ከግማሽ ደረጃ የማይበልጥ ቢሆንም፣ ከሙዚቃው ጋር ተቀላቅሎ ይመዘገባል። የማጠጋጋት ጫጫታ የሚባለው ይህ ነው።

መጠኑን ማስላት አያስቸግርም። መሣሪያው በጠቅላላው የ4 ቮልት ስፋት ይቀበላል እንበል። 4 ቮልት ለ65,536 ሲካፈል አንዱ ደረጃ 61 ማይክሮቮልት ገደማ ይሆናል። ስሕተቱ በደረጃው ውስጥ የትም ቦታ እኩል የማረፍ ዕድል ካለው፣ ውጤታማ ዋጋው ደረጃው ለ12 ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይህም 17.6 ማይክሮቮልት ነው። 4 ቮልቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ሳይን ሞገድ ደግሞ ውጤታማ ዋጋው 1.41 ቮልት ነው። ሞገዱ ከጫጫታው 80,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዴሲቤል ሲነገር 98 ይሆናል። ለማንኛውም የቢት ብዛት የሚሠራው ቀመር እንዲህ ይጻፋል፦

SNR = 6.02 × N + 1.76 dB

N የቢቱ ብዛት ነው። አንድ ቢት ሲጨመር ደረጃው በግማሽ ስለሚጠብ ጫጫታውም በግማሽ ይቀንሳል፤ 6 ዴሲቤሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ቅድመ ሁኔታው «ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ» የሚለው ሐረግ ነው። አንድ ዋሽንት ነፊ በለሆሳስ ሲነፋ ሞገዱ ከሙሉው መቶኛ ብቻ ቢደርስ፣ ጫጫታው እዚያው 17.6 ማይክሮቮልት ላይ ነው፤ ያነሰው ሙዚቃው ብቻ ነው። ብልጫው ከ98 ወደ 58 ዴሲቤል ይወርዳል። ይህ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ባለ 9 ቢት ተኩል ገደማ መሣሪያ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ቀረጻ ባለሙያዎች ከመጀመራቸው በፊት የድምፁን መጠን ደጋግመው የሚያስተካክሉት አለምክንያት አይደለም። ከልክ በላይ ከፍ ካደረጉት ደግሞ የሞገዱ አናት ይቆረጣል፤ ያ ከማጠጋጋት ጫጫታ እጅግ የከፋ ጉዳት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስሕተቱ እንደ ዕጣ የዘፈቀደ ነው የሚለው ግምት፣ የቤል ላቦራቶሪው ደብሊው. አር. ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1948 የመረመሩት ጉዳይ፣ የሚሠራው ሞገዱ ብዙ ደረጃዎችን ሲያቋርጥ ነው። እየደከመ ሄዶ ሁለት ሦስት ደረጃ ብቻ ሲያቋርጥ ስሕተቱ ሞገዱን ተከትሎ መደጋገም ይጀምራል። ጆሮ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ወጥ ሹክሹክታ ሳይሆን የሚሻክር፣ በዋናው ድምፅ ላይ ያልነበሩ ቃናዎችን የጨመረ ድምፅ ነው። የድግግሞሽ ግራፍ የሚያሳይ ፕሮግራምም ጫጫታውን እንደ ጠፍጣፋ ወለል ሳይሆን እንደ ሹል ምሰሶዎች ያሳየዋል።

መድኃኒቱ ለሰሚው ግራ ነው፦ ከማጠጋጋቱ በፊት ሆን ተብሎ ትንሽ የዘፈቀደ ጫጫታ ይጨመራል። «ዲተር» ይባላል። የተለመደው ዓይነት ጠቅላላ ጫጫታውን በ4.8 ዴሲቤል ያህል ከፍ ስለሚያደርግ የ16 ቢቱ 98 ወደ 93 ይወርዳል። በለውጡ ግን የሚሻክረው ድምፅ ወደ ወጥ ሹክሹክታ ይለወጣል፤ ከአንድ ደረጃ ያነሰ ድምፅ እንኳ ከሥሩ ሊሰማ ይችላል። ብዙ አዳማጭ ይህን ልውውጥ በደስታ ይቀበለዋል።

ቀመሩን በ24 ቢት ላይ ያሰላ ሰው 146 ዴሲቤል ያገኛል። እዚህ ላይ ግን ቀመሩ የሚናገረው ስለ ማጠጋጋት ብቻ መሆኑ ይታያል፤ የመሣሪያው ተከላካዮችና ትራንዚስተሮች በሙቀታቸው የሚፈጥሩት ጫጫታ በውስጡ የለም። በልኬት 110 ዴሲቤል ያስመዘገበ ባለ 24 ቢት መሣሪያ፣ 1.76 ተቀንሶ ለ6.02 ሲካፈል፣ በተግባር ያለው 18 ቢት ብቻ ነው። ይህንን ለማየት ውድ መለኪያ አያስፈልግም። መግቢያው ላይ ምንም ሲግናል እንዳይኖር ሁለቱን ገመዶች አገናኝቶ የሚወጡትን ቁጥሮች ማየት ይበቃል፤ አንድ ቁጥር ላይ በመርጋት ፈንታ ከ100 በሚበልጡ ደረጃዎች መካከል ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታያሉ።