ሕንፃን የሚሰነጥቀው የመስመጥ ልዩነት ነው

ቆቦ ላይ ፎቅ ሊሠራ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መሬቱ ይሰምጣል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ይሰምጣል። ጭነት ሲያርፍበት ምንም የማይሰምጥ አፈር የለም። ዋናው ጥያቄ አንዱ ኮለን ከጎረቤቱ ምን ያህል አብልጦ ይሰምጣል የሚለው ነው። በሜክሲኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1934 የተመረቀው የቤያስ አርቴስ ቴአትር ከ3 ሜትር በላይ ሰምጦም እስከ ዛሬ ትርዒት ያሳያል። ቃሬዛ የተሸከሙ አራት ሰዎች እኩል ቢያጎነብሱ ታማሚው አይጎዳም፤ አንዱ ብቻውን ሲያጎነብስ ነው ችግሩ።

ልኩ የሚሰላው በሁለት ኮለኖች መካከል ያለውን የመስመጥ ልዩነት በርቀታቸው በማካፈል ነው። መሐንዲሶቹ ስኬምፕተንና ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1956 የ98 ሕንፃዎችን መረጃ ሰብስበው ሲያዩ፣ ልዩነቱ ከርቀቱ 1/300 ሲደርስ ግድግዳ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ 1/150 ሲደርስ ራሱ ኮለኑና ቢሙ ይጎዳል። ስለዚህ ለዲዛይን 1/500ን መከሩ። ዛሬ አገራችን የምትሠራበት ከአውሮፓ የተወሰደው ኮድም ለብዙ ሕንፃዎች ይህንኑ ልክ ይቀበላል። ኮለኖቹ በ5 ሜትር ርቀት ቢቆሙ 1/500 ማለት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ቆቦ ያለችበት የራያ ሜዳ ይህን ልክ ለማለፍ የተመቸ ነው። አፈሩን ያመጡት ከምዕራቡ ተራራ የሚወርዱት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ናቸው። ጎርፉ ጠጠሩንና ሻካራውን አሸዋ ከተራራው ግርጌ ይጥላል፤ ደለሉንና ጭቃውን ወደ ሜዳው ይዞ ይዘልቃል። ወንዝ ደግሞ መንገዱን ይቀይራል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ጥግ በጠጠር፣ ሌላው የቀድሞ ቦይን በሞላ ደለል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህን እያወቀ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ጉድጓድ ቆፍሮ «አፈሩ ጥሩ ነው» የሚል ባለቤት ግን አይጠፋም!

ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እንውሰድ። እያንዳንዱ ኮለን በየራሱ ፉቲንግ ላይ ቆሟል። በጠጠሩ ላይ ያለው 12 ሚሊ ሜትር ሰመጠ፤ በደለሉ ላይ ያለው ጎረቤቱ 35። ልዩነቱ 23 ነው፤ በ5 ሜትር ርቀት 1/217 ገደማ ይሆናል። ሕንፃው አይወድቅም፣ ብሎኬቱ ግን ይሰነጠቃል። ስንጥቁም ይናገራል፦ በሁለቱ ኮለኖች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ በሰያፍ ይሄድና ሽቅብ የሚወጣው ይበልጥ ወደ ሰመጠው ኮለን ነው። ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በተገናኘበት ቀጥ ብሎ የወረደ ቀጭን ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ ከሲሚንቶው መኮማተር የሚመጣ ነው፤ በእሱ መሠረቱን አትክሰሱት።

አሁን በፉቲንጎቹ ፋንታ ከሕንፃው ስር ሙሉ የሚዘረጋ 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ማት እናፍስስ። ደለሉ ሲሸሽ ማቱ ከላዩ ያለውን ጭነት ተሸክሞ ወደ ጠጠሩ ያሻግራል። ለምሳሌ ደለሉ ላይ 28፣ ጠጠሩ ላይ 21 ቢሰምጥ ልዩነቱ 7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1/714 ነው። ልብ በሉ፤ የጠጠሩ ወገን ከቀድሞው በላይ ሰምጧል። ማት መስመጥን አያስቀርም፤ ያከፋፍላል። ከስሩ ጥልቅ ደለል ካለ መላው ሕንፃ አንድ ላይ ሊያዘምም ይችላል፤ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ የጣሪያ ውኃ ጠርዙን ካራሰው አፈሩ አብጦ ጠርዙን ያነሣዋል።

ማቱ ይህን የሚሠራው በመታጠፍ ስለሆነ በፌሮ ዋጋውን ይከፍላል። እንደ ተገለበጠ ሶሌታ ነው፤ አፈሩ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ኮለኑ ስር የታችኛው ፌሮ፣ በኮለኖቹ መካከል ደግሞ የላይኛው ፌሮ ይሳባል። እኔን የሚያናድደኝም እዚህ ጋ ነው፤ ኮንክሪት የሚያፈሱት ልጆች የላይኛውን መረብ እየረገጡ ይሄዳሉ፣ ድጋፉም በየቦታው አልተደረገለትም። መረቡ 10 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ማቱ በመካከሉ ከአቅሙ አምስተኛ ያህሉን አጣ። ከተፈሰሰ በኋላ ማንም አያየውም።

መስመጡን መከታተል ግን ይቻላል። መጀመሪያው ፎቅ ሲያልቅ በሁሉም ኮለኖች ላይ በውኃ ልክ አንድ መስመር ያስምሩ፤ ሶሌታ በተፈሰሰ ቁጥር መልሰው ይለኩ። ጠጠርና አሸዋ የሚሰምጡት በአመዛኙ ግንባታው ሳያልቅ ነው፤ ጭቃ ግን ለዓመታት ይቀጥላል። ልስን የመስመሩን ምልክት እንዳይሸፍነው ቢያንስ በአራቱ ጥግና በመካከለኛው ኮለን ላይ ሚስማር ይትከሉ።