ገንዘቡ ካርዱ ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? የለንደን የጉዞ ክፍያ ሁለት ስልቶች

በለንደን አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ከሹፌሩ አጠገብ በተተከለው ቢጫ ክብ ማንበቢያ ላይ ካርድ በማስነካት ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2014 ወዲህ በከተማዋ አውቶቡሶች ጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። አንዱ ተሳፋሪ ሰማያዊውን ኦይስተር ካርድ ያስነካል፤ ሌላው የባንክ ካርዱን፣ ሦስተኛው ደግሞ ስልኩን። ለሦስቱም አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ከአንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ ለአንድ የአውቶቡስ ጉዞ የሚጠየቀውም ዋጋ እኩል ነው።

ይሁን እንጂ በዚያች ቅጽበት በማንበቢያው ውስጥ የሚከናወነው ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። በኦይስተር ካርድ ሒሳቡ የሚወራረደው እዚያው፣ ካርዱና ማንበቢያው በተገናኙበት ቦታ ነው። በባንክ ካርድ ወይም በስልክ ግን በዚያች ሰዓት የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ የሚመዘገበው ተሳፋሪው በዚያ ቦታና ሰዓት መታየቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በኪስ እንደተያዘ የገንዘብ ቦርሳ ነው። ሁለተኛው በሰፈር ሱቅ የዱቤ መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ስም ነው። ካርድ ሲጠፋ፣ ማስነካት ሲረሳ ወይም ገንዘብ ያለአግባብ ሲቆረጥ ተሳፋሪው የሚገጥመው ዕጣ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

ገንዘቡ በካርዱ ውስጥ ሲቀመጥ

ኦይስተር ካርድ ሥራ ላይ የዋለው በ2003 ነው። በውስጡ አነስተኛ ቺፕና የሽቦ ጥቅል እንጂ ባትሪ የለውም። ኃይል የሚያገኘው ማንበቢያው በዙሪያው ከሚፈጥረው የኤሌክትሮማግኔት መስክ ነው። ካርዱ ሲቀርብ ሁለቱ በምስጢር ቁልፍ አማካይነት አንዱ የሌላውን ትክክለኛነት ያረጋግጣሉ። ከዚያም ማንበቢያው በካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀሪ ሒሳብ ያነባል፤ በራሱ ማኅደር ውስጥ ካለው የታሪፍ ሰንጠረዥ ዋጋውን ያሰላል፤ አዲሱን ቀሪ ሒሳብም በካርዱ ላይ መልሶ ይጽፋል። የሰዉ ሰልፍ በሩ ላይ እንዳይቆም ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ማለቅ አለበት።

የዚህ ስልት ብርታት ማንበቢያው ማንንም ሳይጠይቅ መወሰን መቻሉ ነው። የመረጃ መስመር ቢቋረጥ እንኳ ካርዱ ራሱ በቂ ማስረጃ ይዟል። ድካሙም ከዚሁ ይመጣል፤ ወደ ካርዱ የሚገባ ገንዘብ ሁሉ በአካል ማንበቢያ ጋር መድረስ ይኖርበታል። አንድ ሰው ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት 20 ፓውንድ ቢሞላ ገንዘቡ ወዲያው ካርዱ ላይ አይወጣም። ማዕከሉ «ይህ ካርድ ሲመጣ 20 ፓውንድ ጨምሩለት» የሚል ትእዛዝ ወደ ማንበቢያዎቹ ይልካል። ትእዛዙ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ገንዘቡ በካርዱ ላይ የሚጻፈውም ተሳፋሪው ለጉዞ ሲያስነካው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሞልቶ ወዲያው ወደ አውቶቡስ የሮጠ ሰው ቀይ መብራት ቢበራበት ገንዘቡ ጠፍቶ ሳይሆን ገና መንገድ ላይ ሆኖ ነው።

ካርዱ ራሱ ገንዘብ እንደ መሆኑ ከሐሰተኛ እጅም መጠበቅ አለበት። በ2008 በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦይስተር በዚያን ጊዜ ይጠቀምበት የነበረውን ማይፌር ክላሲክ የተባለ ቺፕ ምስጢር ፈትተው ካርዱን መቅዳትና በላዩ ያለውን መረጃ መቀየር እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ የለንደን ትራንስፖርት ጠንካራ ምስጢር ወዳለው ቺፕ ተሸጋገረ፤ ይህም በተሳፋሪዎች እጅ የሚገባውን ካርድ ራሱን መለወጥን ጠይቋል።

ካርዱ መለያ ብቻ ሲሆን

የባንክ ካርድ በለንደን አውቶቡሶች ላይ መሥራት የጀመረው በዲሴምበር 2012፣ በምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ በሴፕቴምበር 2014 ነው። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ሁለት እንቅፋት ነበረባቸው። የትራንስፖርቱ ማንበቢያ በባንክ ካርድ ላይ ቀሪ ሒሳብ መጻፍ አይችልም። ባንኩን ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ተሳፋሪውን በር ላይ ማቆምም አይቻልም።

መፍትሔው ስሌቱን ከበሩ ላይ ማንሳት ሆነ። ማንበቢያው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ካርዱ እውነተኛ ነው? ጊዜው አላለፈም? ከታገዱ ካርዶች ዝርዝር ውስጥ የለም? መልሱ ደህና ከሆነ በሩ ይከፈታል፤ የካርዱ መለያ፣ ቦታውና ሰዓቱም ወደ ማዕከል ይላካሉ። የለንደን የጉዞ ቀን የሚዘጋው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ የማዕከሉ ኮምፒውተር የአንድን ካርድ መዝገቦች ሰብስቦ መግቢያውን ከመውጫው ያጋጥማል፤ ጉዞዎቹን ያሰላል፤ የዕለቱን ድምር በአንድ ክፍያ ከባንኩ ይጠይቃል። በባንክ መግለጫ ላይ በየጉዞው ሳይሆን በቀን አንድ መስመር የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዱቤ የሚያስተናግድ ሁሉ እንደሚያውቀው የማይከፍል ሰው ሊመጣ ይችላል። በካርዱ ላይ ገንዘብ ከሌለ ባንኩ ክፍያውን የሚከለክለው ተሳፋሪው ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የካርዱ መለያ በታገዱት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ለማንበቢያዎቹ ሁሉ ይሰራጫል፤ ዕዳው እስኪከፈልም በሩ አይከፈትለትም። ድርጅቱ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ኪሳራ እንደሚሸከም አውቆ የገባበት ስልት ነው።

የአንድ ሳምንት ስሌት

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። በ2023 በወጣው ታሪፍ የአንድ አውቶቡስ ጉዞ ዋጋ 1.75 ፓውንድ ነበር። በአውቶቡስ ብቻ የሚጓዝ ሰው በቀን ከ5.25 ፓውንድ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ባለው ሳምንትም ከ24.70 ፓውንድ በላይ አይከፍልም ነበር። እነዚህ ጣሪያዎች ይባላሉ።

በሁለት ቦታ የምትሠራና በቀን አራት አውቶቡስ የምትይዝ ተሳፋሪ እንውሰድ። በመጀመሪያው ጉዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ መያዝ በነጻ ስለሆነ፣ በአራቱ ጉዞዎቿ መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ልዩነት አለ እንበል። ሰኞ ሦስቱ ጉዞዎች 5.25 ፓውንድ ይሆናሉ፤ አራተኛው ነጻ ነው። እስከ ሐሙስ የከፈለችው 21 ፓውንድ ይደርሳል። ዓርብ ሁለት ጊዜ ተሳፍራ 24.50 ይሞላል፤ በሦስተኛው ጉዞ የሚጠየቀው 20 ሳንቲም ብቻ ነው። ከዚያ እስከ እሑድ ሌሊት በአውቶቡስ በነጻ ትሄዳለች።

በኦይስተር ይህን ለማድረግ ማንበቢያው እስካሁን የተከፈለውን መጠን ከካርዱ ላይ ማንበብና ዋጋውን እዚያው መቀነስ አለበት። አዲስ የታሪፍ ደንብ ሲወጣም ደንቡ በየማንበቢያው መግባት ይኖርበታል። በባንክ ካርድ ግን ማንበቢያው ስለ ጣሪያው የሚያውቀው የለም፤ ደንቡ የሚቀመጠው በማዕከሉ ብቻ ነው። በባንክ ካርድ የሚከፍሉ ተሳፋሪዎች ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ጣሪያ በ2014 ሲያገኙ የኦይስተር ተጠቃሚዎች እስከ 2021 ድረስ መጠበቃቸው የሁለቱን ስልቶች ጠባይ ያሳያል።

ስሌቱ የሚዛባበት ቦታ

ማዕከሉ የሚያውቀው ሰውን ሳይሆን መለያን ነው። በስልክ ውስጥ የተጫነ የባንክ ካርድ ከፕላስቲኩ ካርድ የተለየ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ሁለቱም ገንዘብ የሚያወጡት ከአንድ የባንክ ሒሳብ ቢሆንም ለትራንስፖርቱ ሁለት ተሳፋሪዎች ናቸው። ከላይ የተጠቀሰችው ሴት ጠዋት ሁለት ጊዜ በስልኳ፣ ማታ ሁለት ጊዜ በፕላስቲኩ ካርድ ብትከፍል በ5.25 ፈንታ 7 ፓውንድ ይቆረጥባታል። በምድር ውስጥ ባቡርማ በስልክ ገብቶ በካርድ የወጣ ሰው ሁለት ያልተሟሉ ጉዞዎች ስለሚመዘገቡበት በሁለቱም መለያዎች ከፍተኛው ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል። የጉዳዩ ምልክት በአንድ ቀን ከባንኩ ሁለት የተለያዩ ተቀናሾች መታየታቸው ነው።

ሲወጡ ማስነካት የረሱ እንደሆነም መንገዱ ይለያያል። ኦይስተር ሲገቡ አስቀድሞ ይቆርጣል፤ ሲወጡ ትርፉን ይመልሳል። ሳያስነኩ ከወጡ ትርፉ አይመለስም። አቤቱታው ተቀባይነት ቢያገኝም ገንዘቡ ወደ ካርዱ ለመግባት እንደገና ማንበቢያ ይፈልጋል። በባንክ ካርድ ግን ተሳፋሪው በድረ ገጹ የጉዞ መዝገቡን ከፍቶ የወጣበትን ጣቢያ ሲያመለክት ስሌቱ ካርዱን ሳይነኩ ሊስተካከል ይችላል።

ሁሉን በማዕከል ማስቀመጥም የራሱ ዋጋ አለው። በሴፕቴምበር 2024 የለንደን ትራንስፖርት የሳይበር ጥቃት ሲደርስበት በሮቹና ማንበቢያዎቹ ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። በባንክ ካርድ የሚከፍሉ ሰዎች ግን የጉዞ መዝገባቸውን በኢንተርኔት ማየት አልቻሉም፤ ላልተሟሉ ጉዞዎች የሚሰጠው ተመላሽ ገንዘብም ተስተጓጎለ። ቀሪ ሒሳቡን በኪሱ የያዘ ሰው ያለውን ያውቅ ነበር፤ መዝገቡ በሩቅ የተቀመጠበት ግን መጠበቅ ነበረበት።

አዲስ ለመጣ ስደተኛና ለቤተሰብም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የባንክ ሒሳብ ገና ያልከፈተ ሰው በጥሬ ገንዘብ የሚሞላ ኦይስተር ይዞ መጓዝ ይችላል። የባንክ ካርድ የሚያስነካ ሰው የሚቆጠረው እንደ ሙሉ ዋጋ ከፋይ ጎልማሳ ስለሆነ የልጆች ቅናሽ የሚሰጠው ፎቶ ባለበት ኦይስተር ነው። በሌላ አገር የወጣ የባንክ ካርድ የያዘ እንግዳ ደግሞ ባንኩ በምንዛሪ ወይም በውጭ አገር ክፍያ ስም የሚጨምረውን ሊከፍል ይችላል።

በሌላ ከተማ ያለ ሰው የያዘው ካርድ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በመልኩ አይለየውም። ለምሳሌ የኒውዮርኩ ኦምኒ ካርድ ገንዘብ የሚሞላበት ቢሆንም ገንዘቡ የሚቀመጠው በማዕከል ባለ ሒሳብ ላይ ነው፤ ቀድሞ የነበረው ሜትሮካርድ ግን ቀሪውን በመግነጢስ ጥብጣቡ ላይ ይዞ ይዞር ነበር። መለያው ገንዘብ ሲሞላ ይታያል። በስልክ የሞሉት ገንዘብ ካርዱን ማንበቢያ ላይ ሳያስነኩ ለጉዞ ዝግጁ ከሆነ ካርዱ መለያ ብቻ ነው። ገንዘቡን ለመቀበል ካርዱን ወደ ማንበቢያ መውሰድ ግድ ከሆነ ግን ቀሪ ሒሳቡ ያለው በእጅዎ ነው፤ ካርዱን አስቀድሞ በስም ማስመዝገብም ሲጠፋ አግዶ ቀሪውን ለማስመለስ የሚያስችለው መንገድ ነው።