ስምንት ጊጋባይት ራም ይበቃል?

ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ለሄደ ሰው ሻጩ «8/256» ቢለው፣ ሁለተኛው ቁጥር ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ብዙ ነገር አንድ ላይ ሲከፈት ማሽኑ እንዳይንቀረፈፍ የሚያግዘው የመጀመሪያው፣ ማለትም ራሙ ነው።

አንዲት ተማሪን እናስብ። ዊንዶውስ 11 ገና ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ጊጋባይት ይይዛል። ክሮም ላይ አሥር ያህል ገጽ ስትከፍት ወደ 2 ጊጋባይት ይጨመራል፤ ወርድና ፒዲኤፍ ግማሽ ያህል ይወስዳሉ። እስከዚህ 8 ጊጋባይት ያደርሳታል፤ 4 ብቻ ያለውን ግን ባትገዛው ይሻላል።

ፎቶ ሲታከልበት ሒሳቡ ይለወጣል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ዲስክ ላይ 8 ሜጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማስተካከል ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ 3 ባይት ስለሚፈልግ 72 ሜጋባይት ይሆናል፤ በላዩ የሚደረብ እያንዳንዱ ሙሉ ሌየርም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይጨምራል። መቁረጥና ብርሃን ማስተካከል ብቻ ከሆነ 8 ይበቃል። ክሮሙን ሳትዘጋ በሌየር የምትሠራ ከሆነ 16 ትግዛ።

ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ያዛውራል፤ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲያልፉ መቆም የሚጀምረው ያኔ ነው። Ctrl+Shift+Esc ተጭኖ Performance ውስጥ Memory ሲከፈት፣ የተለመደው ሥራ እየተሠራ ከ85 በመቶ በላይ ከቆየ ራሙ አንሷል። እዚያው Slots used የሚለውም ክፍት ቦታ መኖሩን ይጠቁማል። ይሁንና በብዙ ስስ ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም፤ ይህን ከመክፈልዎ በፊት በሞዴሉ ስም ያጣሩ።