ከተከፈለ በኋላ የሚለወጥ ትዕዛዝ

ገንዘቡ በቴሌብር ገብቷል፣ የማረጋገጫ መልእክቱም ደርሷል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደንበኛዋ ትደውላለች፦ «የእጅ ቦርሳውን ተዉትና በምትኩ የኪስ ቦርሳ አድርጉልኝ። ደግሞ ቦሌ ሳይሆን አያት ነው የምታመጡልኝ።» ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «እሺ፣ ችግር የለም» ትላለች። ጥያቄው ግን ሦስት ቦታ የተመዘገበ ነገር ይነካል፦ የተከፈለውን ድምር፣ መጋዘን ውስጥ አለ የተባለውን ዕቃና የተቆረጠውን ደረሰኝ። ሁለቱ ተስተካክለው አንዱ ከተረሳ ጉድለቱ ያን ዕለት አይታይም። ወር ሲዘጋ ወይም ቆጠራ ሲደረግ ብቅ ይላል፣ ያኔ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም።

ሂሳቡን በቁጥር እንየው። ደንበኛዋ ያዘዘችው 3,450 ብር የሚያወጣ ጫማና 2,300 ብር የሚያወጣ የእጅ ቦርሳ ነው፤ በድምሩ 5,750 ብር። ዋጋው 15 በመቶ ቫት ያካተተ ስለሆነ፣ 5,000 ብሩ የዕቃው፣ 750 ብሩ የመንግሥት ነው። ሱቁ ከ5,000 ብር በላይ ለገዛ ሰው በነፃ ያደርሳል፤ ከዚያ በታች ለገዛ ግን ቫትን ጨምሮ 230 ብር ያስከፍላል። አሁን የእጅ ቦርሳው ወጥቶ 1,150 ብር የሚያወጣ የኪስ ቦርሳ ይገባል። ምን ያህል ይመለስላት?

ብዙዎቻችን 2,300 ሲቀነስ 1,150 ብለን 1,150 ብር እንመልሳለን። ይህ ስህተት ነው። የዕቃዎቹ ድምር ወደ 4,600 ብር ስለወረደ ነፃ ማድረሱ ቀርቷል። አዲሱ ድምር 4,600 ሲደመር 230፣ ማለትም 4,830 ብር ነው። ተመላሹም 920 ብር ይሆናል፤ 800 ብሩ የዋጋ፣ 120 ብሩ የቫት። የዕቃን ልዩነት ከዕቃ መቀነስ የማይበቃው ለዚህ ነው። ትዕዛዙ ከላይ እስከ ታች እንደገና ተሰልቶ፣ ልዩነቱ የሚወሰደው ከሁለቱ ድምሮች ነው። ቅናሽ ወይም ኩፖን ካለበትም ሥራው ያው ነው፤ «ከዚህ በላይ ለገዛ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ነገር ሁሉ ዳግም መፈተሽ አለበት።

እንደገና መሰላት ሲባል ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጫማው ዛሬ ጠዋት ወደ 3,700 ብር ጨምሮ ቢሆንስ? ሶፍትዌሩ የዛሬውን ዋጋ ከዝርዝሩ ላይ አንስቶ ከደመረ፣ ደንበኛዋ ባልነካችው ጫማ 250 ብር ይጨመርባትና ተመላሹ ወደ 670 ብር ይወርዳል። ያልተለወጠ ዕቃ በተገዛበት ዋጋ መቆየት አለበት፤ የዛሬው ዋጋ የሚመለከተው አዲስ የገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ ትዕዛዝ ሲመዘገብ ዋጋው አብሮት ይጻፋል እንጂ ከዋጋ ዝርዝሩ ላይ እየታየ አይነበብም። አድራሻም እንደዚሁ ነው። ደንበኛዋ በስሟ የተያዘውን አድራሻ ስትቀይር ያለፈው ዓመት ትዕዛዟ ሁሉ አያት የደረሰ ከመሰለ፣ መዝገቡ ውሸት መናገር ጀምሯል ማለት ነው።

ወደ መጋዘኑ እንግባ። የኪስ ቦርሳው የቀረው አንድ ብቻ ነው እንበል። ሠራተኛዋ መጀመሪያ የእጅ ቦርሳውን ወደ ሽያጭ መልሳ ከዚያ የኪስ ቦርሳውን ብትፈልግ፣ በመሃል ሌላ ገዢ ሊወስደው ይችላል። የእጅ ቦርሳውም በዚያች ደቂቃ ከተሸጠ ደንበኛዋ ከሁለቱም ወጣች፤ ገንዘቧ ግን ሱቁ ጋር ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ አዲሱ ዕቃ መጀመሪያ ይያዛል፣ አሮጌው በኋላ ይለቀቃል። አዲሱ ካልተገኘ ምንም አይነካም፤ የመጀመሪያው ትዕዛዝ እንዳለ ይቆማል። ለውጡ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ዕቃ ለአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ15 ደቂቃ፣ ተይዞ ይጠበቃል። ልዩነቱ ካልገባ ይለቀቅና ትዕዛዙ በነበረበት ይቀጥላል።

የሂሳብ ሠራተኞች የተጻፈን ቁጥር በላጲስ አያጠፉም፤ ማስተካከያውን ከሥሩ በአዲስ መስመር ይጽፋሉ። ትዕዛዝም በዚሁ ደንብ መሄድ አለበት። 5,750 ብር የሚለው ክፍያ ተከፍሏልና አይሰረዝም፣ ወደ 4,830ም አይታረምም። ከጎኑ «የ920 ብር ተመላሽ» የሚል መስመር ይጨመራል፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደለወጠው ይጻፍበታል። ለተቆረጠው ደረሰኝም የተመላሽ ሰነድ ይዘጋጅለታል፤ አለበለዚያ ሱቁ ላልተሸጠ ዕቃ 120 ብር ቫት ሲከፍል ይገኛል።

ለውጡ የራሱ ቁጥር ቢኖረው ደግሞ ሌላ መዘዝ ይቀራል። የኛ ኔትወርክ እንደሚታወቀው ነው፤ ሠራተኛዋ «መልስ» የሚለውን ተጭና መልስ ሲጠፋባት ደግማ ትጫናለች። ትዕዛዙ 1047 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ለውጥ 1047-1 ተብሎ ከተሰየመ፣ በዚያ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ የመጣ ጥያቄ ተፈጽሟል ተብሎ ይታለፋል። ቁጥር ከሌለው 920 ብር ሁለቴ ይወጣል።

አድራሻ መለወጥ ከዕቃ መለወጥ የቀለለ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ሱቆች የሚጎዱት ይበልጥ በዚህ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በካርድ ከፍለው አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የበዓል ስጦታ የሚልኩ ወገኖች አሉ። ከእነሱ መካከል በተሰረቀ ካርድ የከፈለ አጭበርባሪ ቢደባለቅ፣ የተለመደው ዘዴው ክፍያው ካለፈ በኋላ አድራሻ ማስቀየር ነው። የካርዱ ባለቤት ሲያውቅ ገንዘቡን ያስመልሳል፤ ሱቁ ዕቃውንም ብሩንም ያጣል። ፔይፓል ለሻጮች የሚሰጠው ከለላ ዕቃው በክፍያው ገጽ ላይ ወዳለው አድራሻ እንዲላክ የሚጠይቀው፣ መንገድ ላይ አቅጣጫው ከተቀየረም ከለላውን የሚያነሳው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጨዋው መንገድ ክፍያውን መልሶ፣ በትክክለኛው አድራሻ አዲስ ትዕዛዝ ማስገባት ነው።

ለለውጥ ገደብም ያስፈልጋል። ዕቃው ታሽጎ አድራሻው እስኪለጠፍበት ድረስ መለወጥ ይቻላል። ሞተረኛው ይዞት ከወጣ በኋላ ግን ለውጥ ሳይሆን መመለስና አዲስ ሽያጭ ነው። ሥራው የሚላላውም እዚህ ነው፤ ሞተረኛው ደውሎ «መገናኛ እንገናኝ» ይልና ዕቃውን እዚያ ያስረክባል፣ መዝገቡ ግን አያት ደረሰ ይላል። በኋላ «አልደረሰኝም» የሚል ቢመጣ ሱቁ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም።

ሁሉም በቦታው መሆኑን ለማወቅ ማታ ሁለት ነገር ማመሳከር ይበቃል። የገባው ገንዘብ ተመላሹ ሲቀነስለት ከትዕዛዞቹ የአሁን ድምር ጋር መግጠም አለበት። መደርደሪያ ላይ የተቆጠረው ዕቃም ለሽያጭ ነፃ የሆነውና ለደንበኛ የተያዘው ሲደመሩ ከሚሰጡት ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ባልገጠመ ቀን መጀመሪያ የሚታዩት የዕለቱ ለውጦች ናቸው።

ገዢ ከሆኑ ደግሞ ለውጡን ከሞተረኛው ጋር በስልክ አይጨርሱ። ለሱቁ የትዕዛዝ ቁጥርዎን ይስጡና አዲሱን ድምርና የሚመለስልዎን ብር በጽሑፍ ይጠይቁ።