«ትክክለኛው ዐረብኛ» የትኛው ነው? ተረትና እውነታ

ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ እህት ብዙ ጊዜ በሻንጣዋ ውስጥ የሐረጎች ወረቀት ትይዛለች፤ በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው «ዐረብኛ»። ወረቀቱ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ዐረብኛው የጽሑፉ ፉስሓ ይሁን የአንድ አገር የአፍ ዐረብኛ አይገልጽም።

ተረት፦ ፉስሓ የምትችል ሴት የትም አገር ትግባባለች።

እውነታ፦ እሷ ስትናገር የአገሩ ሰዎች ይገባቸዋል፤ እነሱ ሲናገሩ ግን አይገባትም። ፉስሓ የመጽሐፍ፣ የዜናና የፍርድ ቤት ቋንቋ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ የሚናገረው የለም። ሠራተኛዋ «ማዛ ቱሪዲን?» (ምን ትፈልጊያለሽ?) ብትል የቤሩቷ ማዳም ትረዳታለች፤ ትምህርት ቤት ተምራዋለችና። ራሷ ስትጠይቅ ግን «ሹ ባዲክ?» ነው የምትለው። ሪያድ ቢሆን «ዌሽ ተቢን?» ይባላል። «አሁን» በፉስሓ «አልአን» ነው፤ ቤሩት «ሀላእ»፣ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ «አልሒን»።

የቤት ሥራ ትእዛዝ በአብዛኛው ከማዳም ወደ ሠራተኛ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ መሠልጠን ያለበት ጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ የሚሠለጥነው በዚያው ቤት ንግግር ነው። ቡና በጽሑፍ በሁሉም አገር አንድ ነው፤ በፉስሓ «ቀህዋ» ተብሎ ይነበባል። ሊባኖሳዊት ግን «አህዌ» ትላለች፣ የባሕረ ሰላጤው ሰው «ገህዋ»። ፊደሉን ብቻ ያጠናች ልጅ ሁለቱንም ሳታውቃቸው ያልፏታል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አፍራሽ ቃሉ ነው። ፉስሓ «ላም» እና «ለይሳ» ይላል፤ የአፍ ዐረብኛው «ማ»፣ ሊባኖስ ደግሞ «ሚሽ»። «ሚሽ» የምትለዋን አጭር ቃል የሳተች «አሁን አይደለም» የተባለችውን «አሁን» ብላ ትሰማለች።

ተረት፦ እዚያው ቤት የለቀመችው ዐረብኛ ይበቃታል።

እውነታ፦ የሰማችው በአብዛኛው ትእዛዝ ከሆነ፣ የተማረችውም ትእዛዝ ነው። በሊባኖስ የስሪላንካ ሠራተኞችና የማዳሞቻቸውን ንግግር ያጠናችው የቋንቋ ምሁር ፊዳ ቢዝሪ ይህን ቅይጥ ንግግር «ፒጅን ማዳም» ብላዋለች። በዚህ ንግግር ግሱ ለሴት በሚሰጥ ትእዛዝ መልክ ይቀራል። «ጂቢ» ማለት «አምጪ» ነው፤ ሠራተኛዋ ግን «አና ጂቢ» ስትል «እኔ አመጣለሁ» ያለች ይመስላታል። በአማርኛ «እኔ አምጪ» እንደማለት ነው። ሊባኖስ «አና ብጂብ»፣ ባሕረ ሰላጤው «አና አጂብ» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ «አመጣለሁ»፣ «አምጪ»፣ «አምጣ» ብሎ መለየት የእናት ቋንቋዋ ልማድ ነው። ወረቀቱ «እኔ» የሚለውንና «አንቺ» የሚለውን ለየብቻ ቢጽፍላት ቶሎ ትይዘዋለች። «እርስዎ»ን ግን በብዙ ቁጥር እንዳይተረጉምባት፤ ሊባኖስ ለአክብሮት «ሐድርቲክ» ይባላል።

ተረት፦ እንግዲያው ፉስሓ ለቤት ሠራተኛ ምን ያደርግላታል?

እውነታ፦ የምትፈርምበት ወረቀት በፉስሓ ነው። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ወጥ የሥራ ውል የተጻፈው በዐረብኛ ነው፤ ክርክር ሲነሳ የሚነበበውም እንዲህ ያለው ወረቀት ነው።

ደመወዝ ያልተከፈላትን ሠራተኛ እንውሰድ። ቤሩት ለማዳሟ በቃል የምትናገረው «ማ አባድት ማዓሺ ምን ሸህረን» ነው፤ ከሁለት ወር ወዲህ ደመወዜን አልተቀበልኩም። በባሕረ ሰላጤው «ማ ስተለምት ራትቢ ምን ሸህረን» ትላለች። ለባለሥልጣን ወይም ለጠበቃ የሚቀርበው ማመልከቻ ላይ ግን «ላም አስተሊም ራቲቢ ሙንዙ ሸህረይን» ይጻፋል፤ ያልተከፈሉት ወራትም በስማቸው ይጠቀሳሉ። «ማዓሽ» የሚለውን ቃል ማመልከቻው ውስጥ አላስገባም፤ ቤሩት ደመወዝ ሲሆን ካይሮ ጡረታ ነው። «ራቲብ» ግን በጽሑፍ የትም አገር ደመወዝ ነው።

ለማዳም በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት በአፍ ዐረብኛው ቢጻፍ ነውር የለውም፤ ዐረቦች እርስ በርሳቸውም እንዲሁ ይጻጻፋሉ። ነገ ማስረጃ ሊሆን የሚችለውን፣ ማለትም ደመወዝን፣ የዕረፍት ቀንን፣ ፓስፖርትንና ኢቃማን የሚመለከተውን መልእክት ግን በፉስሓ አስጽፋችሁ ላኩ።

የሐረግ ወረቀት የምታዘጋጁ ኤጀንሲዎችና አሠልጣኞች ሆይ፣ ለቃል የሚሆነውንና ለጽሑፍ የሚሆነውን በሁለት ዓምድ ለዩት። ከቃሉ ዓምድ በላይም የአገሩን ስም ጻፉበት፤ ቤሩት የምትሄደዋ ልጅ የሪያድን ዐረብኛ ተሸክማ አትሂድ።