በፎቶግራፍ ላይ ጥርስን ስለ ማንጣትና ስለ ማቃናት

የተማሪ ፎቶግራፍ ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር ሲታረም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጥርሱ ነው። አራሚው ያሳመረ መስሎት ነጭ ቀለም ይቀባዋል፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ወረቀት የተለጠፈ ይመስል አንድ ወጥ ነጭ ቁራጭ ይታያል። ወላጅም የልጁን ሳቅ ከፎቶግራፉ ላይ ፈልጎ ያጣዋል። ይህ ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ ከዚህ ቀጥሎ ላስረዳ እወዳለሁ።

ጥርስ በተፈጥሮው ፍጹም ነጭ አይደለም። የላይኛው ሽፋኑ ብርሃንን በመጠኑ ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው አካል ግን ወደ ቢጫ ያደላል። ክራንቻም ከፊት ጥርሶች ይልቅ ቢጫነቱ ጎላ ይላል። ደግሞም የጥርስ ረድፍ እንደ ቀስት የጎበጠ ስለ ሆነ፣ ፊት ለፊት ያሉት ብርሃን ሲያገኙ ወደ ጉንጭ የገቡት በጥላ ውስጥ ይቀራሉ። በጥርስና በጥርስ መካከልም ቀጭን የጥላ መስመር አለ። ነጭ ቀለም እነዚህን ልዩነቶች ሁሉ ይደፍናቸዋል። ስለዚህ ሥራው ነጭ መጨመር ሳይሆን ቢጫውን መቀነስ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ፎቶግራፏን እንዳርምላት በጠየቀችኝ ጊዜ የሠራሁትን በተራ እገልጻለሁ። ከፊት ጥርሶቿ ቀጥሎ ያለው አንዱ ጥርስ ጫፉ ወደ ጉንጭ ያዘነበለ ነው። በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል ደግሞ ፍንጭት አላት። ፍንጭት በአገራችን የውበት ምልክት ነውና እንዳይነካ አስቀድመን ተስማማን። የሠራሁበት ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኘው GIMP ነው።

መቅደም ያለበት ማቃናቱ ነው። ጥርሱ ከነጣ በኋላ ቢገፋ የነጣው ቦታና ጥርሱ አይገጣጠሙምና። በ Layer > Duplicate Layer የፎቶግራፉን ግልባጭ አወጣሁ። በዚያው ላይ Warp Transform የሚለውን መሣሪያ ይዤ Size 60፣ Strength 25 አደረግሁ፤ ጥርሱ በፎቶግራፉ ላይ 40 ፒክስል ያህል ስፋት ነበረው። ጫፉን ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ ዝንባሌው በግማሽ ሲቀንስም አቆምሁ። ከዚህ በላይ ቢገፋ ጎረቤቱ ጥርስ ይጠባል፤ የከንፈሩም ጠርዝ ይወላገዳል። ከመጠን ማለፉ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ቀጥሎ በ Free Select ጥርሶቹን ብቻ፣ ድድና ከንፈር ሳልነካ ከበብሁ። ጠርዙ በስለት የተቆረጠ እንዳይመስል Select > Feather ብዬ 3 ፒክስል አለሰለስሁት። ከዚያም አዲስ ግልባጭ አውጥቼ Layer Mask ጨመርሁበት፤ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ Selection የሚለውን መረጥሁ። ይህም ለውጡ ከጥርሶቹ ውጭ እንዳይታይ ይከለክላል። በ Select > None ክበቡን አጥፍቼ፣ የግልባጩን ምስል እንጂ መከለያውን አለመያዜን አረጋገጥሁ። በ Colors > Hue-Saturation ውስጥ ቢጫውን ብቻ፣ ማለት Y የሚለውን ይዤ Saturation ወደ -40፣ Lightness ወደ 10 አመጣሁ። በመጨረሻም ወደ መከለያው ተመልሼ፣ በአፏ ግራና ቀኝ ማዕዘን ባሉት ጥርሶች ላይ ለስላሳ ብሩሽ በግራጫ ቀለም አሳለፍሁበት። በዚያ በኩል ለውጡ ስለሚቀንስ ጥላው በቦታው ይቆያል።

ቁጥሮቹ ለዚህ ፎቶግራፍ የተስማሙ ናቸው፤ ለሌላው ዳኛው የዓይን ነጭ ነው። ጥርስ ከዓይን ነጭ ይበልጥ ካበራ ሥራው አልፏል። የዓይኑ ነጭ ራሱ ቢጫ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመብራቱ ነውና አስቀድሞ የፎቶግራፉ ቀለም በሙሉ ይስተካከል። ቢጫው ፈጽሞ ሲወጣ ደግሞ ጥርሱ ግራጫ ይሆናል፤ የሞተም ይመስላል። ሌላው ፈተና ፎቶግራፉን በሚታተምበት መጠን አሳንሶ ማየት ነው። በጥርሶቹ መካከል ያሉት መስመሮች ከጠፉ ያ ነጭ ቁራጭ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የግልባጩን Opacity ከ100 ወደ 70 ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ይህ ዘዴ የማይበቃበት ጊዜም አለ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ብዙ ወገኖቻችን ጥርሳቸው ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ቡናማ በቢጫና በቀይ መካከል ያለ ቀለም ስለ ሆነ ቢጫውን ብቻ መቀነስ አያነሣውም፤ በኃይል ቢቀነስ ደግሞ ዙሪያው ግራጫ ሆኖ ነጠብጣቡ ይበልጥ ይጎላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የነጠብጣቡን ድምቀት በጥቂቱ ማለዘብ እንጂ ለመደምሰስ መታገል አይገባም። እንዲለዝብ ወይም እንዳለ እንዲቀር የሚወስነውም፣ ስለ ፍንጭቱ እንደ ተነጋገርነው ሁሉ፣ የጥርሱ ባለቤት ነው።